14 ወር ሞላን፣ ማንን ልጠይቅ? ስለ ካናዳ የትዳር ስፖንሰር ፋይል

ጥያቄ፦ ሰላም ወንድም። ድሬዳዋ ሳቢያን ነው ያለሁት። ባለቤቴ ካልጋሪ ነው፣ ስፖንሰር አድርጎኝ ሰኔ 20 ቀን 2016 በኦንላይን አስገባን። አሻራ ሰጥቻለሁ፣ ሜዲካል መስከረም 28 ቀን 2017 አዲስ አበባ ወጥቼ አደረግኩ። ስናስገባ ድረ ገጹ 10 ወር ይል ነበር፣ አሁን 13 ይላል፣ እኛ ደግሞ ይኸው 14 ሞላን። መከታተያው ላይ ሌላው ሁሉ አልቋል፣ የኋላ ታሪክ ማጣሪያ የሚለው ብቻ ቆሟል። ከጋብቻ በፊት ጂቡቲ 9 ወር ሠርቻለሁ፣ እሱ ይሆን? ናይሮቢ ኤምባሲ ሰው አለኝ የሚል ሰው ብር ጠይቆኛል። ምን ላድርግ?

ምላሽ፦ ሰላም እህቴ። ከመጨረሻው ልጀምር፤ ብሩን አትስጪ። ሰውየውን ላስቀይም ብዬ አይደለም። ፋይልሽ ወረቀት ሆኖ አንድ ሰው መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ አይደለም፣ ኮምፒውተር ውስጥ ነው ያለው። አንዱን ክፍል ናይሮቢ ያለ ሰው ሊያየው ይችላል፣ ሌላውን ካናዳ ውስጥ ያለ ቢሮ ይሠራዋል። የኋላ ታሪክ ማጣሪያው ደግሞ ከኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱም ውጭ ወጥቶ ወደ ጸጥታ ተቋማት ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ "ናይሮቢ ሰው አለኝ" ያለሽ ሰው ፋይሉ ዛሬ የት እንዳለ እንኳን አያውቅም። የሚያስፈራኝ ሌላም ነገር አለ። እነዚህ ሰዎች መጀመሪያ የሚጠይቁት የፋይል ቁጥርና የደንበኛ ቁጥር ነው። ሁለቱን ከስምሽና ከልደት ቀንሽ ጋር የያዘ ሰው በስምሽ መከታተያ ከፍቶ ያለውን ሁሉ ያያል፣ ከዚያ ያየውን መልሶ እንደ ምስጢር ይሸጥልሻል። ለማንም አትላኪ።

አሁን ወደ ቁጥሩ። እኔ ከድሬ ወጥቼ ቶሮንቶ ፈቃድ ባለው አማካሪ ቢሮ ውስጥ 7 ዓመት የቤተሰብ ፋይል ይዤ ሠርቻለሁ፣ በእነዚያ ዓመታት ሰውን ከምንም በላይ ያስለቀሰው ይሄ በድረ ገጹ ላይ የሚወጣው የወር ቁጥር ነው። ሰው እንደ ቀጠሮ ያነበዋል። ቀጠሮ ግን አይደለም። ባጭሩ እንዲህ ማለት ነው፤ ከ10 ፋይል 8ቱ በዚህ ጊዜ ውስጥ ያልቃል። የቀሩት 2ቱ ከዚያ ያልፋሉ፣ ጥፋት ስላለባቸው ብቻም አይደለም። 13 ወር ብሎ አንቺ 14 ላይ ከሆንሽ ከእነዚያ ከሁለቱ አንዷ ሆነሻል ማለት ነው። ተከለከልሽ ማለት አይደለም። ተረሳሽ ማለትም ላይሆን ይችላል።

"ስናስገባ 10 ይል ነበር" ያልሽውም ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ነው። የያኔው 10 ለእናንተ የተገባ ቃል አልነበረም። ቁጥሩ በየጊዜው ይታደሳል። የሚያስገባው ሰው ሲበዛ ወይ ለዓመቱ የተመደበው ቦታ ሲያንስ ይረዝማል። ጥያቄ ስትጽፉ መያዝ ያለባችሁ ዛሬ የሚያሳየውን ነው። "10 ወር ብላችሁን ነበር" ብለሽ ብትጽፊ መልሱ "አሁን 13 ነው" ይሆናል፣ እዚያው ያልቃል። በኬቤክ በኩል የሚሄድ ፋይል የራሱ ሌላ ቁጥር አለው። ባለቤትሽ ካልጋሪ ስለሆነ ከኬቤክ ውጭ የሚለውን መምረጡን ብቻ ያረጋግጥ። ሞንትሪያል ያለ ዘመዱን ቁጥር ይዞ የተናደደ ሰው አይቻለሁ።

ቆጠራው የሚጀምረው የተሟላ ማመልከቻ ከደረሳቸው ቀን ነው። አንድ ፊርማ ጎድሎ ፋይሉ ከተመለሰ ያ ሁሉ ጊዜ አይቆጠርም። ስለዚህ ማመልከቻችሁ መድረሱን የነገሯችሁን ደብዳቤ አውጥተሽ ደረሰን ያሉበትን ቀን እዪ። ደብዳቤው ራሱ ከሳምንታት በኋላ ሊመጣ ይችላል፣ የሚታየው ግን የደብዳቤው ቀን ሳይሆን የተቀበሉበት ቀን ነው። ቀኑንም በፈረንጅ ቁጠሪው። ሰኔ 20 ቀን 2016 ማለት ጁን 27 ቀን 2024 ነው። 13 ወር ሲጨመር ጁላይ 27 ቀን 2025 ይመጣል። እሱ ካለፈ አንድ ወር ሆኖታል። ደብዳቤው ላይ ያለው ቀን ይሄው ከሆነ በይፋ ለመጠየቅ ጊዜሽ ደርሷል። ቀድመሽ ብትጽፊ ኖሮ "ገና በመደበኛው ጊዜ ውስጥ ናችሁ" የሚል የተዘጋጀ መልስ ነበር የሚመጣልሽ።

ግን ከመጻፍሽ በፊት ፋይሉ አንቺን እየጠበቀ እንዳልሆነ አረጋግጪ። ይሄን ደጋግሜ የምለው በዓይኔ ስላየሁት ነው። አንዲት ደንበኛችን ለ5 ወር ስታለቅስ ከርማ በመጨረሻ ስንፈልገው የተጨማሪ ሰነድ ጥያቄው በባለቤቷ አሮጌ ኢሜይል የአይፈለጌ መልእክት ማኅደር ውስጥ ተኝቶ ተገኘ። ለመመለስ የተሰጣቸው 30 ቀን ነበር፣ አልፎ ነበር። እድለኛ ሆና ፋይሉ አልተዘጋም፣ ዕድል ግን መተማመኛ አይሆንም። ስለዚህ ባለቤትሽ ማመልከቻውን ያስገባበትን አካውንት ራሱ ይክፈት፣ መልእክቶቹን አንድ በአንድ ያንብብ። ኢሜይሉን፣ ያንቺንም የእሱንም፣ ስፓም የሚለውን ጭምር ይፈትሽ። ኢሜይል የቀየረ ካለ፣ ወይ ማመልከቻውን የሞላላችሁ ሰው የራሱን ኢሜይል አስገብቶ ከሆነ (እኛ አገር ይሄ በጣም ይበዛል) መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ።

መከታተያው የምትገቢበት ይሄ ነው፦

```
ircc-tracker-suivi.apps.cic.gc.ca
```

አንቺ ገብተሻል፣ ግን ሌሎችም ያነቡታልና ልናገረው። የእኛ አገር ሰው ሲመዘገብ ብዙ ጊዜ "አልተገኘም" ይለዋል፣ ምክንያቱ ስም ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። ፋይሉ ላይ ግን የአያት ስም በቤተሰብ ስም ቦታ ይገባና የራስና የአባት ስም አንድ ላይ ይሆናሉ፣ አንዳንዴ ደግሞ አባት ብቻ በቤተሰብ ስም ቦታ ይቀመጣል። ራስሽን እንደምትጠሪው ሳይሆን ደብዳቤው ላይ እንደተጻፈው፣ ክፍተቱም ፊደሉም ሳይለወጥ አስገቢው። የፋይል ቁጥሩ በቤተሰብ ፋይል በ F ነው የሚጀምረው።

እዚያ ውስጥ ስታዪ እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው ነው የሚሄደው። አሻራ `Completed`፣ ሜዲካል `Completed` ማለቱ ደስ ይላል፣ ግን መጨረሻው ቀረበ ማለት አይደለም። መከታተያው አንድ ደረጃ ተጀመረ ወይ አለቀ ይላል እንጂ መሃል ላይ ማን ምን እየሠራ እንደሆነ አይናገርም። ለ6 ወር አንድ ቃል ሳይቀየር ከርሞ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁሉም ያልቃል። ደግሞ አንዳንድ ቀን የመጨረሻ ዝማኔ ቀኑ ብቻ ተቀይሮ አዲስ ነገር ሳይኖር ታገኚዋለሽ። ከዚያ ምንም አትተርጉሚ። በቀን አሥር ጊዜ መክፈት እንቅልፍ ከማሳጣት ሌላ ጥቅም የለውም፤ በሳምንት አንዴ በቂ ነው።

አሁን ጂቡቲ። አቦ፣ ጥያቄሽ ውስጥ ትልቁ ነገር እሱ ነው፣ በመጨረሻ ጠጋ አድርገሽ ጻፍሽው እንጂ። ድሬ ላይ ስንት ሰው ነው ጂቡቲ ደርሶ የሚመለስ፤ ለእኛ አገር የመቀየር ያህልም አይሰማንም። ለእነሱ ግን ሌላ አገር ነው። ደንቡ እንዲህ ነው፤ 18 ዓመት ከሞላሽ ወዲህ፣ ባለፉት 10 ዓመታት ውስጥ፣ በተከታታይ 6 ወርና ከዚያ በላይ ከኖርሽበት አገር ሁሉ ከወንጀል ነፃ ማስረጃ ያስፈልጋል። 9 ወር ከ6 በላይ ነው። ስለዚህ የኢትዮጵያው ብቻውን አይበቃም፣ የጂቡቲም ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፣ የትኛው ላይ እንዳለሽ የምታውቂው ያስገባችሁትን የቅጽ ኮፒ ስታዪ ነው። `IMM 5669` የሚል ቅጽ አለ፣ የ10 ዓመት ታሪክሽን በወር በወር የሞላሽበት። እሱን ክፈቺ።

ጂቡቲ እዚያ ላይ ተጽፎ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። እውነቱን ተናግረሻል፣ የጎደለው ወረቀት ብቻ ነው። ማጣሪያው የቆመው በዚህ ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል፤ ያም ሆነ ይህ ወረቀቱ አንድ ቀን መጠየቁ ስለማይቀር ሳይጠይቁሽ ላኪው። የጂቡቲው ማስረጃ አንቺ ከዚያ ከወጣሽ በኋላ የተሰጠ መሆን አለበት፣ ያኔ ለሥራ ብለሽ አውጥተሽው የነበረ ካለ አይሆንም። በፈረንሳይኛ ከተጻፈ ማስተርጎም አያስፈልግሽም፣ ፈረንሳይኛ የካናዳም ቋንቋ ነው። እንዴት እንደሚወጣ በካናዳ ኢሚግሬሽን ድረ ገጽ ላይ አገር መርጠሽ ታያለሽ፣ እዚያ ከተጻፈው ውጭ ሰው በነገረሽ አትሂጂ።

ጂቡቲ ቅጹ ላይ ከሌለ ግን፣ ወይ ያን 9 ወር "ድሬዳዋ ሥራ ፈት" ብሎ የሞላልሽ ሰው ካለ፣ ጉዳዩ ሌላ ነው። ይሄ ሐሰተኛ መረጃ ተብሎ ሊያዝ ይችላል፣ ከተያዘ ደግሞ ለ5 ዓመት ያስከለክላል። ራስሽ ቀድመሽ ስታርሚውና እነሱ ከፓስፖርትሽ ማኅተም ሲያገኙት አንድ አይደለም። እንዲህ ከሆነ በራስሽ ምንም አትላኪ፤ ባለቤትሽ ካናዳ ውስጥ ፈቃድ ያለው ጠበቃ ወይ አማካሪ ለአንድ ሰዓት ከፍሎ ያናግር፣ የእርማቱን ደብዳቤ ባለሙያ ይጻፈው። ለደላላው ልትሰጪው የነበረው ብር የሚገባው እዚህ ጋ ነው።

ቅጹ ላይ አለ ብለን እንቀጥል። ይፋዊው ጥያቄ የሚላከው በዌብ ፎርም ነው፣ የመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ አለ፣ አይከፈልበትም። ስልክ የሚሠራው ከካናዳ ውስጥ ብቻ ስለሆነ ባለቤትሽ በ1-888-242-2100 መደወል ይችላል፣ ግን ስልኩን የሚያነሳው ሰው መከታተያው ላይ ከምታዪው ብዙም አይርቅም። በጽሑፍ መጠየቁ ይሻላል፤ ቀን ያለው መረጃ በእጅሽ ይቀራል፣ ኋላ ያስፈልግሻል።

አንቺም እሱም መላክ ትችላላችሁ፣ ግን አንዳችሁ ብቻ ላኩ። ሁለታችሁም በየሳምንቱ ስትልኩ ጥያቄዎቹ ይደራረባሉ፣ ፋይሉን አያፈጥኑትም። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ወይ በፈረንሳይኛ ይሁን፣ ከአሥር መስመር አይብለጥ። ስንት ሌሊት እንዳለቀስሽ አትጻፊ፤ ስሜትሽ እውነት ነው፣ አንባቢው ግን የሚፈልገው ፋይሉን የሚከፍትበትን ቁጥርና አንድ ግልጽ ጥያቄ ነው። እኔ ብሆን ይዘቱን እንዲህ አደርገዋለሁ፦

"የፋይል ቁጥር ይሄ፣ የደንበኛ ቁጥር ይሄ፣ ስም በፓስፖርቱ እንዳለው፣ የልደት ቀን። ማመልከቻው የደረሳችሁ ጁን 27 ቀን 2024 ነው። ዛሬ ድረ ገጻችሁ 13 ወር ያሳያል፣ እኛ አልፈናል፣ የገጹ ምስል ተያይዟል። መከታተያው ላይ ከኋላ ታሪክ ማጣሪያ በቀር ሁሉም አልቋል። በ IMM 5669 ላይ እንደገለጽኩት ከዚህ እስከዚህ ወር ጂቡቲ ኖሬአለሁ፤ የዚያ አገር ከወንጀል ነፃ ማስረጃ ተያይዟል። ከእኔ የሚጠበቅ ሌላ ሰነድ አለ? የሜዲካሌ ጊዜ ኦክቶበር 8 ቀን 2025 ያበቃል፤ አዲስ ምርመራ የሚያስፈልግ ከሆነ መመሪያ እንድትልኩልኝ እጠይቃለሁ።"

በቃ። ከላክሽ በኋላ የሚመጣውን የማረጋገጫ ቁጥር ምስል አንሺና አስቀምጪ። የጂቡቲው ማስረጃ ገና ካልወጣ ደግሞ ደብዳቤውን አታዘግዪው፤ "በሂደት ላይ ነው፣ እንደወጣ እልካለሁ" በዪና የጠየቅሽበትን ደረሰኝ አያይዢ።

የሜዲካሉን ቀን ሆን ብዬ ነው ያስገባሁት። ምርመራው የሚያገለግለው 12 ወር ነው። ያንቺ መስከረም 28 ቀን 2017፣ ማለት ኦክቶበር 8 ቀን 2024 ስለነበር መጪው መስከረም 28 ያበቃል፣ ከወር ትንሽ ቢበልጥ ነው የቀረሽ። ማጣሪያው ነገ ቢያልቅ እንኳን ቪዛው ከሜዲካሉ ቀን አልፎ አይሰጥም፣ ስለዚህ አዲስ ሊያሠሩሽ ይችላሉ። ግን ደብዳቤ ሳይመጣልሽ ተነስተሽ አዲስ አበባ አትሂጂ። የመመሪያ ደብዳቤ ሳይኖር ያሠራሽው ምርመራ ከፋይሉ ጋር ላይያያዝ ይችላል፣ አንዳንዴ ደግሞ የድሮውን ጊዜ ራሳቸው ያራዝሙታል። የትኬቱም፣ የአልጋውም፣ የሐኪሙም ብር በከንቱ ይሄዳል። እነሱ በሰጡት ዝርዝር ውስጥ ያለ ሐኪም ብቻ መሆኑንም አትርሺ፣ እዚህ ድሬ ያለው የፈለገ ጥሩ ሐኪም ቢሆን አይቀበሉትም።

መልስ ሲመጣ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ "ማመልከቻዎ በሂደት ላይ ነው፣ ይታገሱ" የሚል ለሁሉም የሚላክ ነው። እሱ ከመጣ የጂቡቲውን ወረቀት ስላያያዝሽ ቢያንስ ሰነዱ ገብቷል፣ ድካምሽ ከንቱ አልሆነም። ሁለተኛው ስለ ፋይልሽ የተለየ ነገር የሚናገር ነው፤ ለምሳሌ የተወሰነ ሰነድ የሚጠይቅ፣ ወይ ማጣሪያው ከሌላ ተቋም መልስ እየተጠበቀ ነው የሚል። ከሌላ ተቋም የሚጠበቅ ከሆነ ዌብ ፎርም ደጋግሞ መላክ ምንም አይቀይርም። የኢሚግሬሽኑ ባለሙያ ራሱ እየጠበቀ ነው።

በ30 ቀን ውስጥ የረባ መልስ ካልመጣ ቀጣዩ ባለቤትሽ የሚኖርበት አካባቢ የፓርላማ አባል ቢሮ ነው። ይሄን ሳልነግረው የሚያውቀው ሰው ትንሽ ነው፣ በእኛ አገር ልማድ የፓርላማ አባል ዘንድ ስለ ግል ጉዳይ መሄድ ከየት መጥቶ። እዚያ ግን መደበኛ ሥራቸው ነው፣ በነፃ ነው፣ ለኢሚግሬሽን ጉዳይ ብቻ የተመደበ ሠራተኛ ያላቸው ቢሮዎችም አሉ። ባለቤትሽ የስምምነት ቅጽ ያስፈርምሻል፣ የዌብ ፎርሙን ማረጋገጫና ያገኛችሁትን መልስ ይዞ ይሄዳል። ጽፈሽ መጠየቅሽ የሚጠቅመው እዚህ ነው፣ መጀመሪያ የሚጠይቁት "እናንተ ጠይቃችሁ ነበር ወይ?" ብለው ነውና። የፓርላማ አባሉ ውሳኔ ማስቀየርም ወረፋ ማስቀደምም አይችልም። የሚችለው ፋይሉ በትክክል የት እንደቆመ ጠይቆ የተሻለ መልስ ማግኘት ነው፣ አንዳንዴ የተረሳ ፋይል የሚነቃው በዚህ ነው።

ከዚህም በላይ ካስፈለገ የፋይሉን ውስጣዊ ማስታወሻ መጠየቅ ይቻላል። ባለቤትሽ ካናዳ ስላለ አንቺ `IMM 5744` የሚለውን የፈቃድ ቅጽ ፈርመሽለት በ5 የካናዳ ዶላር ይጠይቃል፣ መልስ ለመስጠት በሕግ የተቀመጠው 30 ቀን ነው፣ ሊራዘም ግን ይችላል። እዚያ ላይ ባለሙያው በየቀኑ የጻፈውን ታያላችሁ፤ "የጂቡቲ ማስረጃ የለም" የሚል መስመር ካለ ታገኙታላችሁ። የጸጥታውን ክፍል ግን አጥቁረው ነው የሚልኩት። ፍርድ ቤት ሄዶ ውሳኔ እንዲሰጡ ማስገደድም አለ፣ በጠበቃ ነው፣ 14 ወር ላይ ግን ገና ነው፤ ዓመታት የቆመ ፋይል ሲሆን የሚታሰብ ነገር ነው።

ዛሬ ማታ ባለቤትሽ ሲደውል `IMM 5669` ኮፒው እጁ ላይ ይኑር፣ የጂቡቲዋን መስመር አብራችሁ ፈልጉ። አለች ወይስ የለችም የሚለውን ብቻ ጻፊልኝ፣ ቁጥሮቹን እዚህ አትለጥፊ። ካለች፣ ደብዳቤውን እንግሊዝኛ ስትጽፉት አየዋለሁ።